የወንድሜ በሽታና የእኔ አንድ ነው ወይ?

«ዕድሜዬ 28 ነው፤ የምኖረውም የማስተምረውም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። ሰገራዬ ውስጥ ደም ማየት የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ አሜባ ነው እየተባልኩ ኪኒን ስወስድ ከቆየሁ በኋላ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ በኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን ከውስጥ በካሜራ በሚያሳየው መሣሪያ፣ ታየሁ። ውጤቱ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው ተባለ። ሐረር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ክሮንስ የሚባለው በሽታ አለበት። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ዛሬም በፊንጢጣው አጠገብ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ አለው። ቤተሰቡ ‹ያው አንድ በሽታ ነው፣ ስሙን ነው የለዋወጡት› ይላል። ለእሱ ቀዶ ሕክምና በሽታውን አያጠፋውም ብለውታል፤ የእኔ ሐኪም ግን ክፉ ቀን ከመጣ በቀዶ ሕክምና መገላገል ይቻላል አለኝ። የትኛውን ልመን? በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም ታዞልኝ ነበር፤ አፍሬ ከሳምንት በኋላ ተውኩት። አሁን ደሙ ተመልሷል፤ በቀን አራት ጊዜ ያህል ያስቀምጠኛል። ወንድሜ ከእሱ የተረፈውን ፕሬድኒሶሎን ሰጥቶኛል፤ ልጀምረው ይሆን? የሠርጋችንን ቀን ልንቆርጥ ነው፤ ለእጮኛዬ ግን ምንም አልነገርኩትም። ወንድሜን ባየሁ ቁጥር ነገዬን እፈራለሁ፤ ለእኔ ቀለል ያለው ደረሰኝ ብዬ ሳስብ ደግሞ እሱን የበደልኩት ይመስለኛል። የኮሎኖስኮፒውን ወረቀት አያይዣለሁ።»
እህታችሁ፣ ከድሬዳዋ

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ ሁለቱም ሐኪሞች እውነቱን ነው የነገሯችሁ። የእርስዎና የወንድምዎ በሽታ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው እንጂ አንድ በሽታ አይደሉም። ሁለቱም የሚነሡት የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀትን ያለማቋረጥ በማስቆጣቱ ነው፤ በዘርም በኩል ዝምድና ስላላቸው በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ይኼኛውን፣ ሌላዋ እህት ያኛውን ይዘው መገኘታቸው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። የሚለያዩት ግን አንጀትን በሚይዙበት ቦታ፣ በሚዘልቁበት ጥልቀትና በሚያስከትሉት ጣጣ ነው። የእርስዎን ፍርሃት የሚያቀልለው ይህን ልዩነት በራስዎ ወረቀት ላይ ማየት ስለሆነ፣ የላኩልኝን አብረን እናንብበው።

ወረቀቱ ላይ ቁጣው ከፊንጢጣ ጀምሮ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሳይቋረጥ መታየቱ ተጽፏል። እዚያ ድረስ ያለው ሽፋን ቀልቷል፣ ሲነካ ይደማል፣ በጤናማ አንጀት ላይ የሚታየው የደም ሥሮች መስመርም ጠፍቷል፤ ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍልና የትንሹ አንጀት መጨረሻ ግን ጤናማ ናቸው ይላል። ይህ የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ዓይነተኛ አካሄድ ነው። በሽታው ከፊንጢጣው በላይ ካለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ይጀምርና መሐል ላይ ጤናማ ቦታ ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እዚያው ታች ይቆማል፣ እርስዎ ላይ እንደሆነው በግራ በኩል ያለውን ክፍል ሊይዝ ይችላል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ትልቁን አንጀት በሙሉ ያዳርሳል። ከትልቁ አንጀት ግን አያልፍም። ትልቁ አንጀት በሙሉ ሲያዝ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ትንሽ ሊቆጣ ቢችልም፣ በሽታው ወደ ጨጓራ ወይም ወደ አፍ አይሄድም።

ክሮንስ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ አብዝቶ የሚወደው ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን፣ በቀኝ በኩል ከእምብርት በታች ያለውን ቦታ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በርሪል ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ በሽታውን ሲገልጹት የጻፉት ስለዚህ ቦታ ብቻ ነበር፤ ትልቁን አንጀትም ሊይዝ እንደሚችል በሰፊው የታመነው ከዓመታት በኋላ ነው። አያያዙም እየዘለለ ነው፤ አንድ የተቆጣ ቦታ፣ ቀጥሎ ጤናማ ቦታ፣ እንደገና ሌላ የተቆጣ ቦታ ይገኛል። የእርስዎ በሽታ የማይምረው የታችኛው ጫፍ በብዙ የክሮንስ ሕሙማን ላይ ጭራሽ ሳይነካ ይቀራል። ወንድምዎን የኮሎኖስኮፒ ወረቀታቸውን ቢጠይቋቸው ይህንኑ የመዝለል ነገር ሳያገኙበት አይቀሩም።

ከቦታው ይልቅ ግን የሁለታችሁን ዕጣ የለየው ጥልቀቱ ነው። የአንጀት ግድግዳ ንብርብር ነው፤ ከውስጥ ምግቡ የሚነካው ስስ ሽፋን አለ፣ ከሥሩ ለስላሳ ክፍል፣ ከዚያ ጡንቻ፣ በመጨረሻም የውጭ ሽፋን። ጀጎል ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ያስቡ። የእርስዎ በሽታ የውስጥ ልስኑን ነው የሚልጠው፤ የወንድምዎ ግን ድንጋዩን ከውስጥ እስከ ውጭ ሰንጥቆ ወደ ጎረቤት ሊያልፍ ይችላል። ከአንጀትዎ የተወሰደው ናሙናም ይህንኑ ይመሰክራል፦ ቁጣው በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ መሆኑን፣ በሽፋኑ ትንንሽ እጢዎች ውስጥ መግል መጠራቀሙን፣ እጢዎቹም ቅርጻቸውን ማጣታቸውን፣ ግራኑሎማ አለመታየቱን ጽፏል። ግራኑሎማ ማለት የመከላከያ ሴሎች ተሰባስበው የሚሠሩት እብጠት ነው፤ ሲገኝ ወደ ክሮንስ ያመለክታል። አለመገኘቱ ብቻውን ክሮንስን አያስቀርም፤ ምክንያቱም በብዙ የክሮንስ ሕሙማን ናሙና ላይም አይገኝም። ከቦታውና ከጥልቀቱ ጋር ሲደመር ግን የሐኪምዎን ቃል ያጠናክረዋል።

የወንድምዎ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ጥልቀት ነው። ግድግዳው በሙሉ ሲቆጣ ይወፍራል፤ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይሠራል፤ መተላለፊያው እየጠበበ ሄዶ ምግብ ከበሉ በኋላ የሚቆርጥ ሕመም፣ መነፋትና ማስታወክ ያመጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። ቁጣው ግድግዳውን ዘልቆ ሲወጣ ሆድ ውስጥ መግል ይቋጠራል፤ ወይም አንጀቱን ከሌላ የአንጀት ክፍል፣ ከሽንት ፊኛ ወይም ከቆዳ ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ ይከፍታል። በፊንጢጣቸው አጠገብ ያለው ያ ቀዳዳ ይህ ነው፤ ከንጽሕና ጉድለት ወይም ከወንድምዎ ጥፋት የመጣ አይደለም። እርስዎ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳና መጥበብ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከበሽታዎ ጠባይ ጋር አይሄድም።

ይህን ስል ግን የእርስዎ በሽታ አደጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱኝ። የላይኛው ሽፋን በሰፊው ሲላጥ ደም በብዛት ይፈስሳል፤ በዚህም የተነሣ የደም ማነስ ይመጣል። በጣም ሲከፋ ትልቁ አንጀት ጡንቻው ዝሎ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ በራጅ ሲታይ ስፋቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አንጀቱ ሊፈነዳ የሚችልበት ድንገተኛ ሁኔታ ነው። የወንድምዎ አንጀት ወፍሮ ሲጠብብ የእርስዎ ሳስቶ ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ሰገራ ካስቀመጥዎት፣ በተለይ ትኩሳትዎ ከ37.8 በላይ ከሆነ ወይም የልብ ምትዎ በደቂቃ ከ90 ካለፈ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድል ጮራ ወይም ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን አይውሰዱ፤ የዛለውን አንጀት ይበልጥ አስሮ ለመነፋቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የቀዶ ሕክምናው ጥያቄም መልሱ ያለው እዚሁ ነው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ከትልቁ አንጀት ስለማያልፍ፣ ትልቁ አንጀት እስከ መጨረሻው በሙሉ ከወጣ የአንጀቱ በሽታ የሚቀመጥበት ቦታ አያገኝም። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቆርጦ ሌላውን የማይተወውም ለዚህ ነው፤ የቀረው ክፍል በኋላ ሊያዝ ይችላልና። በክሮንስ ግን ተቃራኒው ነው የሚደረገው፤ የተጎዳው ክፍል ቢቆረጥም በሽታው ብዙ ጊዜ ከተሰፋው ቦታ አጠገብ ተመልሶ ስለሚነሣ፣ አንጀት እንዳያልቅ የሚቆረጠው በተቻለ መጠን ጥቂት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ «መገላገል» የሚለው ቃል ዋጋውን አይናገርም። ትልቁ አንጀት የወጣለት ሰው ሰገራውን በሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይቀበላል፣ ወይም ከትንሹ አንጀት ማጠራቀሚያ ተሠርቶለት በቀን ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ በዳሌ ውስጥ የሚደረገው ሥራ ሴቶች በቀላሉ እንዳይፀንሱ ሊያደርግም ይችላል። ሐኪምዎ ክፉ ቀን ከመጣ ያሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ዛሬ በእርስዎ ደረጃ ላይ ለቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ነገር አላየሁም፤ የታዘዘልዎት መድኃኒት ገና በወጉ አልተሞከረምና።

አሁን ወዳፈሩበት መድኃኒት ልምጣ። ሜሳላዚን የሚባለው ይህ መድኃኒት የሚሠራው የአንጀቱን ላይኛ ሽፋን በቀጥታ በመንካት ነው፤ የእርስዎ በሽታ ደግሞ ያለው እዚያው ላይ ነው። ጥልቅ በሆነው በወንድምዎ በሽታ ላይ ይህ መድኃኒት እምብዛም የማይረዳው፣ እርስዎን ግን የሚረዳው ለዚህ ነው። በፊንጢጣ የሚገባውን ከኪኒን ጋር መጠቀም ኪኒኑን ብቻውን ከመዋጥ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ታች የሚቀልጠው ጥይት መሰል መድኃኒት የሚደርሰው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእርስዎ ቁጣ እስከ 35 ስለሆነ ከፍ ብሎ የሚደርሰው በፈሳሽ መልክ የሚገባው ሊያስፈልግዎ ይችላል። አጠቃቀሙን በተመለከተ ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ አስቀድመው ተጸዳድተው፣ በግራ ጎንዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው ያስገቡት፤ ጫፉን በውኃ ማራስ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያም ሌሊቱን እንዲቆይ ይተዉት። ልብስ ስለሚያቆሽሽ ጠቆር ያለ የውስጥ ልብስ ይምረጡ። የድሬ ሙቀት እንደሚያቀልጠውም ያስቡ፤ እሽጉ ላይ የተጻፈው የሙቀት ልክ ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ በማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይሁን። አንድ ሳምንት ለፍርድ አይበቃም፤ ሁለትም አራትም ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ደሙ ሲቆምም ያለ ሐኪም ቃል አይተዉት። ኀፍረቱን አልንቀውም። ግን ልጠይቅዎት፦ ያስቸገርዎት ማስገባቱ ነው ወይስ የቤት ሰው እንዳያይ መደበቁ? መደበቁ ከሆነ መድኃኒቱን ሳይሆን ማስቀመጫውን መለወጥ ይበቃል።

የወንድምዎን ፕሬድኒሶሎን ግን እባክዎ አይጀምሩ። በፍቅር እንደሰጡዎት አውቃለሁ፤ መድኃኒቱም ለኮላይቲስ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ደም ያለበት ተቅማጥ ሲመለስ ሁልጊዜ የድሮው በሽታ ነው ማለት አይቻልም፤ በአካባቢያችን አሜባ እውነተኛ በሽታ ነው፣ ኮላይቲስ ያለበትን ሰውም ይይዛል። አሜባ ባለበት አንጀት ላይ ፕሬድኒሶሎን መውሰድ መከላከያውን አዳክሞ አንጀቱ እንዲበሳ እስከ ማድረግ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ ናሙናውን ከቤት ይዘው ከመሄድ ይልቅ እዚያው ላቦራቶሪ ይስጡ፣ ምክንያቱም ሕያው አሜባ በማይክሮስኮፕ የሚለየው ትኩስ ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲታይ ነው። ከዚሁ ጋር የደም መጠንዎን ያስለኩ። ራስ ምታት ወይም ሌላ ሕመም ሲኖርብዎ ደግሞ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ትተው ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተኛውን በሽታ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ውኃና ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም አጠገብዎ ይሁን፤ በዚህ ሙቀት ተቅማጥ ቶሎ ያደርቃል።

ለወንድምዎም አንድ ጥያቄ ያድርሱልኝ። ክሮንስ የሚወደውን ያንኑ የትንሹ አንጀት መጨረሻ የአንጀት ቲቢም ይወደዋል፤ ያጠብባል፣ ያቆስላል፣ ግራኑሎማም ይሠራል፣ በዓይን ሲታይ ልምድ ያለውን ሐኪም እንኳ ያሳስታል። ቲቢ መሆን አለመሆኑ በናሙና ተመርምሮላቸው እንደሆነ ሐኪማቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የመከላከያ ኃይልን የሚያደክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ መልስ ትልቅ ዋጋ አለው። በርጫ ላይ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ማጨስ ክሮንስን እንደሚያብስና ለሌላ ቀዶ ሕክምና እንደሚያቀርብ ይንገሯቸው። አንጀታቸው የጠበበ ከሆነ ኮሎ፣ ፈንዲሻና ሸንኮራ መተላለፊያውን ሊዘጉባቸው ስለሚችሉ እናታችሁ ሲያቀርቡላቸው ይህን ያስቡበት። እርስዎ ግን እነዚህን ሁሉ ለእሳቸው ሲሉ መተው አያስፈልግዎትም።

እሱን የበደልኩት ይመስለኛል ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። የእርስዎ በሽታ ላዩን መሆኑ ከወንድምዎ የተወሰደ ነገር አይደለም። ምናልባት የሚከብድዎት እሳቸው ፊት «የእኔ ይሻላል» ማለት ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ማለት አይጠበቅብዎትም፤ ሁለታችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ አንድ ቅዳሜ ብትቀመጡና የየራሳችሁን ብታነቡ፣ ሐኪም ፊት የምትጠይቁትን አብራችሁ ብትጽፉ፣ ማን ከማን ይሻላል የሚለው ንግግር ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ስለ እጮኛዎ የምመክረው ቀኑ ሳይቆረጥ እንዲነግሯቸው ነው፤ ግን ነገ አይደለም። የሰገራውና የደሙ ውጤት ይውጣ፣ መድኃኒቱም ይጀመር፤ ያኔ የሚነግሯቸው ፍርሃትዎን ሳይሆን የሚያውቁትን ይሆናል፦ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ የሚመላለስ ስለሆነ መድኃኒቱ እንደሚቀጥል፣ በሽታው በተኛበት ጊዜ መፀነስ እንደሚመከርና ሜሳላዚን በእርግዝናም በሐኪም ክትትል እንደሚቀጥል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የመውረድ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ቢልም አብዛኞቹ ልጆች እንደማይያዙ። ወንድምዎን የሚያውቋቸው ከሆነ «የእሱ ዓይነት ነው ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱን አሁን ይዘዋል።

አንድ ነገር ሳልደብቅዎ ልጨምር። ከአሥር ሕሙማን በአንዱ ገደማ ሁለቱን በሽታዎች በመጀመሪያው ምርመራ መለየት አይቻልም፤ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባለም ከዓመታት በኋላ ክሮንስ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የእርስዎ ወረቀት ጥርት ያለ ስለሆነ በዚህ እንዲጨነቁ አልፈልግም፤ ሆኖም በፊንጢጣዎ አጠገብ እብጠት ወይም መግል ቢያዩ፣ በቀኝ በኩል ከምግብ በኋላ የሚቆርጥ ሕመም ቢጀምርዎት፣ ደም ሳይኖር ክብደትዎ ቢቀንስ፣ ይህ የምርመራ ስም እንደገና ይታይ ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ትልቁን አንጀት በሙሉ ለማውጣት የሚወሰንበት ቀን ከመጣ ደግሞ ይህ ጥያቄ በግድ አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ ከትንሹ አንጀት የሚሠራው ማጠራቀሚያ በክሮንስ ሕሙማን ላይ ብዙ ጊዜ ይበላሻልና።

በዚህ ሳምንት ወደ ላቦራቶሪ ሲሄዱ የኮሎኖስኮፒውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገው አንዱን በሕክምና ፋይልዎ ውስጥ ያስገቡ፤ በላዩም ደም መጀመሪያ ያዩበትን፣ የ2014ን መጨረሻ፣ በግልጽ ይጻፉ። በሽታው ከፊንጢጣው አጠገብ አልፎ ወደ ላይ የወጣባቸው ሰዎች ከዓመታት ቆይታ በኋላ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሥጋታቸው ከፍ ስለሚል፣ ምልክቱ ከጀመረ ከ8 ዓመት ጀምሮ ደህና ቢሆኑም እንኳ በየተወሰነ ጊዜ በኮሎኖስኮፒ ይታያሉ። ቆጠራው የሚጀምረው ስሙ ከታወቀበት ከባለፈው ዓመት ሳይሆን ደሙ ከታየበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎ ቀጠሮ በ2022 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይውላል፤ እስከዚያ ሐኪም ቢለውጡ እንኳ አዲሱ ሐኪም ይህን ቀን ፋይሉ ላይ ያገኘዋል።